«እሳቸው» ወይስ «እነሱ»? የአክብሮት አነጋገር በደብዳቤ ትርጉም ላይ የሚያስከትለው ስሕተት

ይህን ሒስ ለመጻፍ ያነሳሳን አንዲት የሟች ሚስት የደረሰባቸው ችግር ነው። ባለፈው ዓመት በትምህርት ዕረፍት ጊዜ ጅቡቲ ከተማ ሄደን፣ ቡላኦስ በሚባለው ሰፈር በአንድ ዘመዳችን ቤት ሰንብተን ነበር። በዚያ ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ከእነርሱም መካከል በወደብ ሥራና በከባድ መኪና ማመላለሻ የሚተዳደሩ አሉ። የአገሩ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው። ይሁን እንጂ የመርከብና የመድን ድርጅቶች ደብዳቤ በእንግሊዝኛ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ከአገር ቤት የሚላከው ማስረጃ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያገናኝ አስተርጓሚ የግድ ያስፈልጋል።

እኒህ ሴት የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩት ባለቤታቸው በሥራ ላይ ሳሉ ስለ ሞቱ፣ ከመድን ድርጅት የሚከፈል ገንዘብ ነበራቸው። አስተማሪዎች መሆናችንን ሰምተው አንድ ቀን ማታ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። «መምህር፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ፤ ስምንት ወር ሙሉ ደብዳቤ ይመጣል፣ ደብዳቤ ይሄዳል፤ እኔ ግን ምን እንደሚባባሉ አላውቅም» አሉን። ደብዳቤዎቹን ከነትርጉማቸው አነበብናቸው። ከአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ማስረጃ፣ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ፣ የድርጅቱ መልስ፣ የመልሱም የአማርኛ ትርጉም ነበሩ። በአራቱም ውስጥ ውሸትም ሆነ ክፋት አላገኘንም። ያገኘነው አክብሮት ነው፤ ነገር ግን ቦታውን የሳተ አክብሮት።

የመጀመሪያው ደብዳቤ

የወረዳው ደብዳቤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሥርዓት የተጻፈ ነው። ቁጥርና ቀን አለው፤ «ጉዳዩ» ተለይቶ ተጽፏል፤ በመጨረሻም «ከሰላምታ ጋር» ብሎ ማኅተም ተደርጎበታል። የሴትዮዋ ሙሉ ስም «ጉዳዩ» በሚለው መስመር ላይ አንድ ጊዜ ተጠቅሷል። ከዚያ በኋላ ያለው ፍሬ ነገር እንዲህ ይላል፦ «አመልካች የሟች ሕጋዊ ባለቤት መሆናቸው ተረጋግጧል። ልጅ የላቸውም። ስለዚህ የሚከፈለውን ገንዘብ ቀርበው መቀበል የሚችሉ መሆናቸውን እንገልጻለን።»

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ደብዳቤ ግልጽ ነው፤ ስለ አንዲት የተከበሩ ሴት ይናገራል። አስተርጓሚው ግን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው «መሆናቸው»ን፣ «የላቸውም»ን፣ «የሚችሉ»ን ሁሉ «ዜይ» በሚለው የብዙ ቁጥር ተውላጠ ስም ተረጎመው። «ባለቤት» የሚለውንም «ስፓውስ» አለው። ይህ ቃል እንደ አማርኛው «ባለቤት» ሁሉ ለወንድም ለሴትም የሚሆን ነው። በዚህ ምክንያት በእንግሊዝኛው ደብዳቤ ውስጥ አመልካቹ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ የሚያሳይ አንድም ቃል አልቀረም። ድርጅቱም የተጻፈለትን አንብቦ የገባውን ተረዳ፤ ገንዘቡን የሚጠይቁት ሰዎች ከአንድ በላይ ናቸው፣ ምናልባትም ሟቹ ሁለት ሚስቶች ነበሯቸው ብሎ ጠረጠረ።

አስተርጓሚውን ፈልገን አነጋገርነው። ዕድሜው ከእኛ የሚበልጥ፣ በሰፈሩ «ጋሼ» እየተባለ የሚከበር፣ እንግሊዝኛውም ደካማ ያልሆነ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ለምን ‹ሺ› አላሉም?» ብለን ብንጠይቀው፣ «ባል የሞተባትን እመቤት በመንግሥት ደብዳቤ ላይ ‹እሷ› እያልኩ እንዴት እጽፋለሁ?» ሲል መለሰልን። የነገሩ ቁልፍ ያለው በዚህ መልስ ውስጥ ነው። እሱ የእንግሊዝኛውን «ሺ» በአማርኛ ጆሮ ሰምቶ «እሷ» አደረገው፤ «እሳቸው» የሚል አቻ ሲፈልግ ደግሞ «ዜይ»ን አገኘ። ነገር ግን በእንግሊዝኛ «ሺ» ንግሥቲቱም የምትጠራበት ተራ ተውላጠ ስም ነው። ማክበርም መናቅም የለበትም።

የሰዋስዉ ምክንያት

ስሕተቱ የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን ለማየት የአማርኛን ግሥ እንመልከት። «ልከዋል» የሚለውን ቃል ብቻውን ብናነበው ላኪው ማን እንደ ሆነ አናውቅም። «እርስዎ ልከዋል»፣ «እሳቸው ልከዋል»፣ «እነሱ ልከዋል» ሦስቱም ትክክል ናቸው። «ይልካሉ»ም «እንዲልኩ»ም እንደዚሁ ናቸው። ባለቤቱ ካልተጠቀሰ አንዱ የግሥ መልክ ሦስት ዓይነት ሰው ይሸከማል፤ ፆታም አይለይም። የተከበረ ወንድና የተከበረች ሴት በግሡ ላይ አንድ ናቸው።

ተሳቢውንና አገናዛቢውን የሚያመለክቱት ቅጥያዎች ግን ጥቂት ይረዱናል። «ደብዳቤዎ» እና «እንልክልዎታለን» የሚሉት ለእርስዎ ብቻ ናቸው፤ «ደብዳቤያቸው» እና «እንልክላቸዋለን» ግን ለእሳቸውም ለእነሱም ይሆናሉ። እንግዲህ ሁለተኛው መደብ በእነዚህ ቅጥያዎች ይለያል፤ በሦስተኛው መደብ ግን የተከበረው አንድ ሰውና ብዙዎቹ እንደ ተደባለቁ ይቀራሉ። ፈጽመው የሚለያቸው ራሱን የቻለው ተውላጠ ስም ነው፤ «እሳቸው» አንድ፣ «እነሱ» ብዙ። አማርኛ ደግሞ ይህን ተውላጠ ስም ግድ ካልሆነበት በቀር አይጠራውም፤ ግሡ ይበቃዋልና።

ይህ ጠባይ በአማርኛ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። ፈረንሳይኛ አንድን የተከበረ ሰው በብዙ ቁጥር «ቩ» ይለዋል፤ የሚዋሰው ግን ከሁለተኛው መደብ ነው፣ እንደ «እናንተ» ማለት ነው። ጀርመንኛ ልክ እንደ አማርኛ ከሦስተኛው መደብ ብዙ ቁጥር ተውሶ «ዚ» ይላል። እንግሊዝኛም ቀድሞ ለአንድ ቅርብ ሰው «ዛው»፣ ለብዙዎችና ለተከበረ ሰው «ዩ» ይል ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን «ዩ» ሁሉን ወርሶ «ዛው» ከዘወትር ንግግር ወጣ። ስለዚህ የዛሬው «ዩ» በመሠረቱ የአክብሮት ቃል የነበረ እንጂ «አንተ» ማለት ብቻ አይደለም። የአማርኛ ልዩነቱ ፊት ለፊት የምናነጋግረውን ብቻ ሳይሆን በሌለበት የምናወራለትንም ሰው በግሥ ማክበሩ ነው። የዛሬ እንግሊዝኛ ለዚህ አቻ መልክ የለውም። አስተርጓሚው በግድ ልፍጠርለት ቢል ሰው ያበዛል እንጂ አክብሮት አያተርፍም።

ሁለተኛው ደብዳቤ

የድርጅቱ መልስ አጭር ነው። ሐሳቡን በአማርኛ ብናስቀምጠው፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት የአመልካቾቹን ብዛት በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል፤ አመልካቾቹ ሁሉ የተያያዘውን ቅጽ በ30 ቀን ውስጥ የመፈረም ግዴታ እንዳለባቸውም ይገልጻል። ለመጀመሪያው «ዩ»ን፣ ለሁለተኛው «ሻል» የሚለውን የግዴታ ቃል ተጠቅሟል። የአማርኛው ትርጉም ግን እንዲህ ሆኖ ተላከ፦ «የአመልካቾቹን ብዛት በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ተጠይቀዋል። የተያያዘውንም ቅጽ በ30 ቀን ውስጥ ቢፈርሙ መልካም ነው።»

«እንዲያረጋግጡ ተጠይቀዋል» የተባለው ማን ነው? አስተርጓሚው «እርስዎ» ማለቱ ነበር፤ የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ። ኃላፊው ግን «እነሱ» ብሎ አነበበው፤ አመልካቾቹ ተጠይቀዋል ማለት መስሎት ደብዳቤውን ከፋይሉ ጋር አያይዞ ሴትዮዋ እስኪመጡ ጠበቀ። ሴትዮዋ ደግሞ ቡላኦስ ሆነው ወረዳው እስኪጽፍ ጠበቁ። «ተጠይቀዋል» የሚለው ያለፈ ጊዜ መልክም ስሕተቱን አጠናከረው፤ ጉዳዩ ለሚመለከተው ሰው ቀድሞ የተነገረ፣ ለኃላፊው በግልባጭ ብቻ የደረሰው አስመስሎታል። ጠያቂው ማን እንደ ሆነም አይታወቅም፤ «እንጠይቃለን» የሚል ስለሌለ ደብዳቤው አፍ የለውም።

«ቢፈርሙ መልካም ነው» የሚለው ከዚህ ይብሳል። አስተርጓሚው ሐዘንተኛን ሴት «ግዴታ አለብዎ» ማለት ከብዶት ቃሉን አለዘበው። ሴትዮዋም ምክር ነው ብለው ተረዱት፤ ገንዘቡ በሚከፈልበት ቀን አብረው ሊፈርሙ አሰቡ። 30ው ቀን አለፈ። ድርጅቱ መልስ አላገኘሁም ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

አክብሮትና ግዴታ

በዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። በአማርኛ አክብሮትና ግዴታ የሚቀመጡበት ቦታ የተለያየ ነው። «መፈረም አለብህ» እና «መፈረም ይኖርብዎታል» የሚሉት በግዴታ እኩል ናቸው፤ በአክብሮት ግን ይለያያሉ። አክብሮቱ ያለው «-ዎት» በሚለው ቅጥያ ላይ፣ ግዴታው «ይኖርብ-» በሚለው ግሥ ላይ ነው። ስለዚህ አንድን ሰው ለማክበር ስንል ግዴታውን ወደ ፈቃድ መለወጥ አያስፈልገንም። «ቢፈርሙ መልካም ነው» ብሎ መጻፍ መብቱን እንዳያውቅ ስለሚያደርገው ለተቀባዩ ጉዳት እንጂ ክብር አይሆንም።

የግዴታና የፈቃድ ቃል በትርጉም መካከል ቢለዋወጥ ምን እንደሚያደርስ በታሪካችን የታወቀ ምሳሌ አለን፤ ምንም እንኳ ያኛው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሳይሆን ኢጣልያንኛ ቢሆን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ የአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ቅጂ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ መንገድ ለመጠቀም የተስማሙ ያስመስላል፤ የኢጣልያ መንግሥትም ይህን እንደ ግዴታ ተረጎመው። «ይቻላቸዋል» የሚለውን አንድ ቃል በትኑት፦ «-አቸው» ለንጉሠ ነገሥቱ የተሰጠ አክብሮት ነው፤ «ይቻላል» ደግሞ ፈቃድ ነው። አክብሮቱ ቢወጣ እንኳ ፈቃዱ ፈቃድ ሆኖ ይኖራል።

ልዩነቱ ፈጦ የወጣው በደብዳቤ ነበር። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው ባስታወቁ ጊዜ፣ በ1882 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1890) ከለንደን ከንግሥት ቪክቶሪያ የመጣው መልስ መላላኩ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መሆን እንዳለበት የሚያመለክት ሆነ። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ጠቡም በ1888 ዓ.ም. እስከ ዐድዋ ደረሰ። የጦርነቱ ምክንያት አንድ ግሥ ብቻ ነበር አንልም፤ የቅኝ ግዛት ፍላጎት ባይኖር ቃሉ በማረሚያ ደብዳቤ ይስተካከል ነበር። ይሁን እንጂ «ይቻላቸዋል» እና «ይገባቸዋል» በአንድ ፊርማ ሥር ሊያድሩ እንደማይችሉ ምስክር ነው።

እንዴት ቢተረጎም ይሻል ነበር?

ሒስ ነቅፎ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ስለዚህ ከሴትዮዋና ከጋሼ ጋር ተቀምጠን ሁለቱን ደብዳቤዎች እንደገና ሠራናቸው። በመጀመሪያ የወረዳውን ደብዳቤ አምጥተን፣ ብዙ ቁጥር በሚመስለው በእያንዳንዱ ግሥ ሥር አሰመርን፤ በኅዳጉ ላይም ባለቤቱን በስም ጻፍን። ለ«መሆናቸው» ወይዘሮዋ፣ ለ«የላቸውም» ወይዘሮዋ፣ ለ«የሚችሉ» ወይዘሮዋ። «እንገልጻለን» ለሚለው ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ። በጠቅላላው ሁለት ባለቤት ብቻ መኖሩ በዚህ ታወቀ።

ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛው ቀላል ሆነ። አክብሮቱን ከግሡ አንሥተን ወደ ማዕረጉ አዛወርነው። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ወይዘሮ» በሚለው ፈንታ «ሚስስ» ብለን ሙሉ ስማቸውን አስገባን፤ «ባለቤት»ን ጥርጥር በሌለው «ዋይፍ» ተረጎምነው፤ ከዚያ ወዲያ «ሺ» እያልን ቀጠልን። እንግሊዝኛ አክብሮቱን የሚያኖረው በደብዳቤው ራስና እግር፣ በማዕረግ ስምና በስንብት ቃል ላይ ነው። አማርኛ ግን በየግሡ ይበትነዋል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን «ዲር ሰር» ወደ አማርኛ ስናመጣ «ውድ ጌታዬ» ብለን የፍቅር ደብዳቤ ማስመሰል አይገባንም። «ለእገሌ ጽሕፈት ቤት» የሚለው አድራሻ ይበቃል። የስንብቱም ቃል «የእርስዎ ታማኝ» ሳይሆን «ከሰላምታ ጋር» ነው። የቀረው አክብሮት በግሦቹ ላይ ይታያልና።

ለድርጅቱ ደብዳቤ የሠራነው ትርጉም እንዲህ የሚል ነው፦ «ጽሕፈት ቤታችሁ የአመልካቾቹን ብዛት በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልን በአክብሮት እንጠይቃለን። አመልካቾቹ ሁሉ የተያያዘውን ቅጽ በ30 ቀን ውስጥ መፈረም ይኖርባቸዋል።» እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ «ዩ» የሚለው ለሰው ሳይሆን ለመሥሪያ ቤት የተነገረ መሆኑን ከአድራሻው አይተን «ጽሕፈት ቤታችሁ» አልን፤ ግሡም በነጠላ ሆነና ከአመልካቾቹ ተለየ። ደብዳቤው በስም ለኃላፊው የተጻፈ ቢሆን ኖሮ «እርስዎ እንዲያረጋግጡልን» እንል ነበር፤ «እርስዎ» የሚለውን ቃል ሳንዘል። ተቀባዩን ስንጠራ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ «ጽሕፈት ቤታችሁ»ንና «እርስዎ»ን ማደበላለቅ ግን አንባቢን ያሳስታል። ሁለተኛ፣ «-ልን» እና «እንጠይቃለን» ጠያቂውን ወደ ቦታው መለሱት።

ጋሼ ይህን ሲያይ አንድ ተቃውሞ አቀረበልን። «ስም መደጋገም በአማርኛ ደስ አይልም፤ ደረቅ ይሆናል» አለ። እውነት ነው። በልብ ወለድ ወይም በወዳጅ ደብዳቤ ውስጥ እኛም እንዲህ አንጽፍም። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን ድርቀት ይቅር የሚባል ጉድለት ነው፤ ፋይል አያስዘጋም። ደግሞም መደጋገሙ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ባለቤቱ በተለወጠ ቁጥር አንድ ጊዜ ስሙን ወይም «እሳቸው»ን መጥራት ይበቃል።

ጥፋቱን ሁሉ በአስተርጓሚው ላይ ብንጭነው ፍርደ ገምድል እንሆናለን። የወረዳው ጸሐፊ ስማቸውን በፍሬ ነገሩ ውስጥ አንድ ጊዜ ደግሞ «ወይዘሮ እገሊት» ብሎ ጽፎ ቢሆን፣ የጋሼ «ዜይ» ቦታ አያገኝም ነበር። እኛ መምህራንም ድርሻ አለን። በክፍል ውስጥ የተውላጠ ስም ሠንጠረዥ ስናስተምር «እሳቸው»ን በአንድ ረድፍ አስቀምጠን እናልፋለን፤ ወደ ግሥ ስንደርስ ግን «ይሄዳሉ» ከ«ዜይ» ጋር ብቻ ተጣምሮ በተማሪው ደብተር ላይ ይቀራል። ተማሪው «አባባ ወደ ገበያ ይሄዳሉ» የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ብንጠይቀው «ዜይ» ብሎ የሚጽፍ በየክፍሉ አለ። በማሠልጠኛችን ይህን አይተነዋል፤ ነጥብ እንቀንስበታለን እንጂ ምክንያቱን አንነግረውም።

ለክፍል የሚሆን አንድ መልመጃ እነሆ። «ደብዳቤውን ልከዋል፤ መልሱን ሲያገኙ ቀርበው ይፈርሙ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ጻፉ። ተማሪዎች በመጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ አይመልሱት። ላኪው፣ መልስ አግኚው፣ ፈራሚው ማን ማን ሊሆን እንደሚችል ይዘርዝሩ። ለሦስቱ ግሦች ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሰው ስለሚሆን፣ ዐረፍተ ነገሩ ስንት ዓይነት ንባብ እንዳለው ራሳቸው ይቁጠሩት። ከዚያ በኋላ አንዱን ንባብ መርጠው፣ ሌላው ሁሉ እንዳይነበብ አድርገው አማርኛውን ያርሙት። እንግሊዝኛው የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

ከቡላኦስ ስንመለስ የሴትዮዋ አዲስ ደብዳቤ ተልኮ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጋሼ ስልክ ደውሎ ድርጅቱ ፋይሉን እንደገና መክፈቱን፣ አንድ ቅጽ ብቻ መላኩን፣ በቅጹም ላይ አንድ የፊርማ ቦታ ብቻ መኖሩን ነገረን። «ፈርመዋል» አለ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅ ብሎ «እሳቸው» ሲል ጨመረበት።